የሐሞት ጠጠር ሕመም

የሐሞት ጠጠር ሕመም በሐሞት ከረጢት ውስጥ የተፈጠረ ጠጠር የከረጢቱን መውጫ ሲዘጋ የሚነሣ ከባድ የሆድ ሕመም ነው። የሚሰማው ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር ወይም ከደረት አጥንት በታች መሐል ላይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ ይመጣል። ሕመምተኛው «ጨጓራዬ ተነሣ» ብሎ ስለሚያልፈው፣ ጠጠሩ ሳይታወቅ የጨጓራ መድኃኒት እየወሰደ ረዥም ጊዜ ሊቆይ ይችላል።

ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመነጫል። ሰው ባልበላበት ሰዓት ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ወደ ሐሞት ከረጢት ገብቶ ይጠራቀማል። ከረጢቱ ከጉበት ሥር የተለጠፈ ሲሆን ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሚይዝ፣ ውሃውን እየመጠጠ ሐሞቱን ያወፍረዋል። በሐሞት ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል በውሃ አይሟሟም፤ ሟሙቶ የሚቆየው የሐሞት ጨዎችና ሌሲቲን የተባለው ቅባት እስከያዙት ድረስ ነው። ኮሌስትሮሉ ከእነዚህ አቅም በላይ ሲሆንና ከረጢቱ በደንብ ሳይጨመቅ ሲቀር ጥቃቅን ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ እነሱም እየተያያዙ ጠጠር ይሆናሉ። ሴትነት፣ እርግዝና፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የዕድሜ መግፋትና ክብደትን በጣም ፈጥኖ መቀነስ ይህን ያባብሳሉ። ቀይ የደም ሕዋሳት ከልክ በላይ በሚፈርሱባቸው በሽታዎች ደግሞ ከቢሊሩቢን የሚሠራ ጥቁር ጠጠር ይገኛል።

ሕመሙን ከቅባት ጋር የሚያገናኘው አንድ ሆርሞን ነው። ቅባት ከጨጓራ ወጥቶ ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ሲደርስ፣ በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ያሉ ሕዋሳት ኮሌሲስቶካይኒን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ሆርሞኑ የሐሞት ከረጢቱን ያኮማትራል፤ ሐሞት ወደ አንጀት የሚገባበትንም በር ያላላል። ጤነኛ ሰው ይህ ሲሆን ምንም አይሰማውም። ከረጢቱ ውስጥ ጠጠር ካለ ግን ሲጨመቅ ወደ አንገቱ ይገፋና ቀጭኑን ቱቦ ሊወትፈው ይችላል። ጡንቻው በተዘጋ መውጫ ላይ ሲገፋ የከረጢቱ ግድግዳ ይወጠራል፤ ሕመሙም ይህ ውጥረት ነው። ጠጠሩ ወደ ኋላ ሲመለስ ወይም አልፎ ሲሄድ ሕመሙ ይለቃል።

ቅባቱ ቅቤ ይሁን የአትክልት ዘይት ለሆርሞኑ ለውጥ አያመጣም። በጾም ወራት ዘይት የበዛበት ሽሮ ወይም በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ የበላ ሰውም ሊታመም ይችላል፤ «ሥጋና ቅቤ አልነካሁም» ማለት ጠጠር የለም ለማለት አያበቃም።

አካሄዱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንዲት የ42 ዓመት ሴት ዐቢይ ጾምን ጾማ በፋሲካ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ በላች እንበል። 10 ሰዓት ገደማ ከደረቷ በታች መሐል ላይ መጨነቅ ይጀምራታል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እየበረታ ወደ ቀኝ ጎድኗ ሥር ይሄድና በጀርባ በኩል እስከ ቀኝ ትከሻዋ ይዘልቃል። ያስመልሳታል፤ ብትተኛም ብትቀመጥም አይለቃትም፤ የጨጓራ መድኃኒት ብትወስድም፣ ሽንት ቤት ብትሄድም ያው ነው። ከዚያ ንጋት 1 ሰዓት ላይ ቀስ በቀስ ይተዋትና ድካም ብቻ ይቀርባታል። ትኩሳት የላትም፤ ዓይኗም ቢጫ አልሆነም።

ሐኪም በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚፈልገው የቅባቱን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሐሞት ጠጠር ሕመም ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ ከበረታ በኋላም ሳይዋዥቅ ጸንቶ ይቆያል እንጂ እንደ ሆድ ቁርጠት መጣ ሄደ አይልም። ሌሊት ከእንቅልፍ መቀስቀሱ የተለመደ ሲሆን፣ ከምግብ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ጊዜም አለ። መጀመሪያ መሐል ላይ መሰማቱ የሚያሳስተው፣ የከረጢቱ ነርቮች ከጨጓራ ነርቮች ጋር በአንድ የአከርካሪ ክፍል ስለሚገቡና አንጎል ምንጩን በትክክል መለየት ስለማይችል ነው። በአንጻሩ ቅባት ከበሉ በኋላ መነፋት፣ ማግሳትና ቃር ብቻ ያለበት ሰው ጠጠር አለው ለማለት አይቻልም፤ እነዚህ ስሜቶች ጠጠር በሌላቸው ሰዎችም ዘንድ በጣም የተለመዱ ናቸው። የጨጓራ ቁስለት፣ የጉበት እብጠት፣ የቀኝ ሳንባ የታችኛው ክፍል ምች፣ አልፎም የልብ ደም ሥር መዘጋት በዚያው ቦታ ሊያሙ ይችላሉ። በተለይ ላብና የትንፋሽ ማጠር ካለ የልብ ምርመራ ይቀድማል።

ማረጋገጫው አልትራሳውንድ ነው። ከረጢቱ ሞልቶ እንዲታይ ታካሚው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይበላ ይመጣል። ጠጠሩ ነጭ ሆኖ ከኋላው ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ታካሚው በጎኑ ሲገላበጥም ከቦታው ይንቀሳቀሳል። ከረጢቱ ውስጥ ላለ ጠጠር ምርመራው እጅግ አስተማማኝ ሲሆን፣ ወደ ዋናው የሐሞት ቱቦ የወረደውን ግን ሊስተው ይችላል። ሲቲ ስካን ይሻላል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው፤ ከኮሌስትሮል የተሠሩ ብዙ ጠጠሮች በሲቲ ላይ ከሐሞቱ ተለይተው አይታዩም። ከላይ ባነሣናት ሴት ላይ ሁለት ጠጠሮች ቢገኙ፣ የከረጢቱ ግድግዳ ሳይወፍርና የጉበት ምርመራዋ ጤናማ ሆኖ ቢታይ፣ ታሪኳና ምስሉ ተስማምተዋል ማለት ነው። ይህ መስማማት ወሳኝ ነው፤ ጠጠር ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወታቸው ሙሉ አይታመሙም፤ ስለዚህ ጠጠር መገኘቱ ብቻ የሕመሙን ምክንያት አያስረዳም።

ሕመሙ ከ6 ሰዓት ካለፈ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሐኪሙ ከቀኝ ጎድን ሥር ተጭኖ «አየር ሳቢ» ሲል ታካሚዋ በሕመም ትንፋሿን የምታቋርጥ ከሆነ ከረጢቱ ተቆጥቷል። ዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆርና የሰገራ መንጣት ጠጠሩ ወደ ዋናው ቱቦ መውረዱን ያመለክታሉ፤ ሰው የወፍ በሽታ ብሎ በባህል መድኃኒት ሲቆይ አደጋ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ከቢጫነቱ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከታከለ ቱቦው መመረዙን ስለሚያሳይ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ጠጠሩ የቆሽትን ቱቦ ከዘጋ ደግሞ ቆሽት ይቆጣል፤ ሕመሙም በቀጥታ ወደ ጀርባ ይመታል።

ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት እንደ ዲክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ ይረዳል፤ ቅባት መቀነስም የሕመሙን መደጋገም ሊያሳንስ ይችላል፤ ጠጠሩን ግን አያጠፋም። ሕመም ላሳየ ጠጠር የተለመደው ሕክምና ከረጢቱን ማውጣት ነው። ይህን ቀዶ ሕክምና መጀመሪያ የሠራው ጀርመናዊው ካርል ላንገንቡኽ በ1882 እ.ኤ.አ. በበርሊን ሲሆን፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታዩ ማውጣትን በ1985 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሌላው ጀርመናዊ ኤሪኽ ሙኸ ነው። ጠጠሩን ብቻ ለቅሞ ከረጢቱን መተው አያዋጣም፤ ጠጠር የሠራው ከረጢት እንደገና ይሠራል። ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ሐሞት ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ስለሚፈስ ቅባት መፈጨቱ ይቀጥላል፤ ጥቂት ሰዎች ግን ሰገራቸው ይቀጥናል።

የወይራ ዘይትና ሎሚ ጠጥቶ ጠጠር ማስወጣት ይቻላል የሚል ምክር በሰፊው ይሰማል። በማግሥቱ በሰገራ የሚታዩት አረንጓዴ ለስላሳ እንክብሎች ራሱ ዘይቱ በአንጀት ውስጥ ወደ ሳሙናነት ተለውጦ የሠራቸው ናቸው። የተጠጣው ዘይት ግን እንደማንኛውም ቅባት ሆርሞኑን ስለሚቀሰቅስ፣ ከረጢቱን አኮማትሮ እውነተኛውን ጠጠር ወደ ቱቦው ሊገፋው ይችላል።