የቁማር ክፍያ እገዳ

የቁማር ክፍያ እገዳ ደንበኛው ራሱ ጠይቆ፣ ከሒሳቡ ወደ አቋማሪ ድርጅቶች የሚወጣ ክፍያ እንዳያልፍ የሚያስደርግበት የባንክ አገልግሎት ነው። በብሪታንያ ሞንዞና ስታርሊንግ የተባሉት ባንኮች በ2018 እ.ኤ.አ. ጀመሩት፤ ሌሎች ባንኮችም ተከተሏቸው።

አሠራሩ የቆመው በአንድ ባለአራት አኃዝ ቁጥር ላይ ነው። በካርድ ክፍያ የሚቀበል ነጋዴ ሁሉ፣ ክፍያውን የሚሰበስብለት ባንክ የንግድ ዘርፉን የሚያሳይ ኮድ ይሰጠዋል። የውርርድና የቁማር ኮድ 7995 ነው። አንድ ሰው በአንድ የውርርድ ድረ ገጽ 20 ፓውንድ ሊያስገባ የካርድ ቁጥሩን ሲሞላ፣ የፈቃድ ጥያቄው ከነጋዴው ባንክ ተነስቶ በቪዛ ወይም በማስተርካርድ በኩል ወደ እሱ ባንክ ይመጣል። ባንኩ የትኛው ጨዋታ ላይ እንደተወራረደ አያውቅም፤ የሚያየው የነጋዴውን ስም፣ መጠኑንና ኮዱን ነው። እገዳው ከበራ 7995ን እንዳየ ጥያቄውን ይመልሰዋል፤ ገንዘቡም ከሒሳቡ ሳይነቃነቅ ይቀራል።

እገዳውን በስልክ መተግበሪያ ወይም ባንኩን በመጠየቅ ማብራት ይቻላል፤ ወዲያው ይሠራል። ማጥፋቱ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙዎቹ ባንኮች 48 ወይም 72 ሰዓት ያስጠብቃሉ። የአገልግሎቱ ዋና ጥበብ ያለው በዚህ መዘግየት ላይ ይመስላል፤ የሌሊቱ ስሜት ሲነጋ ይበርዳልና። መዘግየት የሌለው እገዳ ከአንድ ቁልፍ አይበልጥም።

ኮዱን የሚመርጠው የደንበኛው ባንክ ስላልሆነ ቀዳዳ አይጠፋም። ከሰፈር ሱቅ ከዳቦ ጋር የተገዛ ሎተሪ በሱቁ ኮድ ያልፋል። ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ኤሌክትሮኒክ ቦርሳ ከገባ፣ ባንኩ የሚያየው ቦርሳውን እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን አይደለም። ከማሽን የወጣ ጥሬ ገንዘብም እንዲሁ። ፈቃድ የሌላቸው አንዳንድ ድረ ገጾች ደግሞ ሆን ብለው በሌላ ዘርፍ ኮድ ይሰበስባሉ፤ ምልክቱ በሒሳብ መግለጫው ላይ የሚታይ የማይታወቅ የድርጅት ስም ነው። ይህ ሲያጋጥም የክፍያውን ቀንና ስም ይዞ ባንኩን መጠየቅ ይገባል፤ አንዳንዱ ባንክ ያንን ነጋዴ ለይቶ ሊዘጋ ይችላል።

በሞባይል ገንዘብ ነገሩ ይለያል። በኬንያ ኤምፔሳ ከፋዩ የሚያስገባው የድርጅቱን የክፍያ ቁጥር ስለሆነ፣ ማገድ ማለት ቁጥሮችን አንድ በአንድ መዝጋት ነው። በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የቁማር ተቆጣጣሪ ቦርድ የ27 ውርርድ ድርጅቶች ቁጥር እንዲዘጋ ሳፋሪኮምን ያዘዘው በዚሁ መንገድ ነበር። በግሉ እገዳ የሚጠይቅ ደንበኛም ከግብይት ታሪኩ የከፈለባቸውን ቁጥሮች ለቅሞ ማቅረብ ይጠቅመዋል፤ ድርጅቱ ቁጥር ከቀየረ ግን ዝርዝሩ ያረጃል። ቤቲንግ ቤት ገብቶ በጥሬ ብር የሚቆረጥ ትኬትን ደግሞ የትኛውም ኮድ አያየውም።