እናት ኩባንያ የሚያሰኘው ስንት በመቶ ነው? ከስዊዝ ቦይ እስከ ፋርስ ነዳጅ

ባለፈው ሴሚስተር የምጣኔ ሀብት ታሪክ በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ የውጭው ባለሀብት 49 በመቶ ብቻ ከያዘ ድርጅቱ የኛ ነው ማለት አይደለም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። ስለ መንግሥት ድርጅቶች ሽያጭ በተነሣ ቁጥር በየመድረኩና በየጋዜጣው የምንሰማው ክርክር ይኸው ነው፤ ከግማሽ በታች ከሆነ አንዱ ወገን ይረጋጋል፣ ከግማሽ በላይ ከሆነ ሌላው ወገን «አገር ተሸጠ» ይላል። ሁለቱም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም 50 በመቶ የሚባለው መሥመር ጌታንና እንግዳን የሚለይ ድንበር ነው የሚል እምነት ነው።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ ከሁለት የታሪክ አጋጣሚዎች የተቀዳ ነበር። በሁለቱም ገዢው የእንግሊዝ መንግሥት ነው። በመጀመሪያው 44 በመቶ ገዛ፤ በሁለተኛው ከግማሽ በላይ ገዛ። ውጤቱ ግን መቶኛው ብቻውን እንደሚነግረን አልሆነም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የከዲቩ አክሲዮኖች

ኅዳር 1875 ለግብፁ ገዢ ለከዲቭ ኢስማኤል ክፉ ወር ነበር። በወሩ አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ የላከው ጦር ጉንደት ላይ በአጼ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ተደመሰሰ። በዚያው ወር ሌላ ጦርነት ደግሞ ካይሮ ውስጥ ከአበዳሪዎቹ ጋር ይዞ ነበር። ለዕዳው መነሻ ጉንደት አልነበረችም፤ ዕዳው ለዓመታት በብድር ላይ ብድር ሲደራረብ የመጣ ነው። ነገር ግን በታኅሣሥ መጀመሪያ የሚከፈል ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ገንዘብ ይጠብቀው ነበርና በእጁ የቀረውን ትልቁን ሀብት፣ የስዊዝ ቦይ ኩባንያ አክሲዮኖቹን፣ ለገበያ አቀረበ።

ኩባንያው በ1858 ሲቋቋም ካፒታሉ በ400 ሺህ አክሲዮኖች የተከፈለ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ዋጋ 500 ፍራንክ ነበር። ከግማሽ የሚበልጠውን የገዙት ፈረንሳውያን ሲሆኑ ብዙዎቹ አነስተኛ ቆጣቢዎች ነበሩ። የከዲቩ ድርሻ 176,602 አክሲዮን ነበር። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዲዝራኤሊ ወሬውን እንደሰማ፣ ፓርላማው ዕረፍት ላይ ስለነበር፣ ከሮትሽልድ ባንክ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ተበድሮ አክሲዮኖቹን ጠቅልሎ ገዛ። ለንደን ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። በሕዝቡ ዘንድ «ቦዩ የኛ ሆነ» የሚል ስሜት ሰፈነ።

እስቲ አሁን ቦዩ የማን እንደሆነ በእርጋታ እንቁጠር። 176,602ን ለ400 ሺህ ብናካፍል 44 በመቶ ከጥቂት ክፍልፋይ ጋር እናገኛለን። እንግሊዝ ከማንም ባለአክሲዮን እጅግ የምትበልጥ ባለድርሻ ሆናለች። ዳሩ ግን የኩባንያው መተዳደሪያ ደንብ እያንዳንዱ 25 አክሲዮን አንድ ድምፅ ይሰጣል ካለ በኋላ፣ ማንም ባለአክሲዮን፣ የፈለገውን ያህል ቢይዝ፣ ከ10 ድምፅ በላይ ሊኖረው አይችልም ሲል ይደነግግ ነበር። ጣሪያው ባይኖር የእንግሊዝ አክሲዮኖች ከ7 ሺህ በላይ ድምፅ ባስገኙላት ነበር። ጣሪያው በመኖሩ 10 ድምፅ ብቻ አገኘች። 250 አክሲዮን የያዘ አንድ የፓሪስ ነጋዴ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ከብሪታንያ መንግሥት ጋር እኩል ድምፅ ነበረው ማለት ነው።

ጉዱ በዚህ አላበቃም። ከዲቩ ከዓመታት በፊት ለኩባንያው የነበረበትን ዕዳ ለመክፈል የአክሲዮኖቹን የትርፍ ድርሻ እስከ 1894 አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ገዢዋ እስከዚያ ዓመት ከኩባንያው ትርፍ አንድም ሳንቲም አታገኝም፤ በምትኩ ግብፅ በዓመት 5 በመቶ ወለድ እንድትከፍላት ተስማሙ። ባለቤትነት ስንል ድምፅንና ትርፍን ማለታችን ከሆነ፣ እንግሊዝ በ1875 በ4 ሚሊዮን ፓውንድ የገዛችው ምኑን ነው? ለጊዜው ሁለቱንም አልገዛችም ማለት ይቻላል።

የገዛችው የመደራደሪያ ወንበር ነበር። በ1876 በተደረገ ስምምነት ከ24 የቦርድ መቀመጫዎች 3ቱ ተሰጧት። በ1883፣ የቦዩ ዋና ደንበኞች የሆኑት የእንግሊዝ መርከብ ባለቤቶች ስለ ቀረጡና ስለ አሠራሩ አጥብቀው ካጉረመረሙ በኋላ፣ ቁጥሩ ከ32ቱ ወደ 10 ከፍ አለ። ይህ ጆሮና አንደበት ነው እንጂ መሪ አይደለም። ቦርዱ የሚሰበሰበው ፓሪስ ነበር፤ አመራሩም የፈረንሳውያን ነበር። እንግሊዝ በ1882 ግብፅን በጦር ከያዘች በኋላ እንኳ ምድሩን ተቆጣጠረች እንጂ ኩባንያውን አልወረሰችም። ናስር በ1956 ቦዩን የወረሰው፣ እንግሊዝ ትልቋ ባለአክሲዮን ከነበረችበት፣ ነገር ግን ፓሪስ ላይ ከሚመራ ኩባንያ ነው።

ታዲያ የስዊዝ ኩባንያ እናት ማን ነበረች? መልሱ ማንም አልነበረችም የሚል ነው። 44 በመቶ የያዘችው አልነበረችም፤ ቀሪውን የያዙት ብዙኃንም በተናጠል አንዳቸው የሌላቸው አለቃ አልነበሩም። ሥልጣኑ የነበረው ራሱን በራሱ በሚተካው አመራር እጅ ነበር።

የራሱን እጅ ያሰረው ጌታ

ሁለተኛው ታሪክ የተፈጸመው በፋርስ ነው። በ1901 ዊልያም ኖክስ ዳርሲ የተባለ ባለሀብት ከፋርሱ ሻህ የነዳጅ ፍለጋ ውል ወሰደ። ነዳጁ በ1908 ተገኘ፤ በማግሥቱ ዓመትም የአንግሎ-ፐርሺያን የነዳጅ ኩባንያ ተቋቋመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተራ አክሲዮኖቹን ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ የያዘው በርማ ኦይል ስለነበረ እናቱ ማን እንደሆነች ጥያቄ አልነበረም። በ1914 ግን የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል መርከቦቹን ከድንጋይ ከሰል ወደ ነዳጅ ለማዞር ስለፈለገ፣ መንግሥት ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አፍስሶ ከግማሽ የሚበልጠውን ተራ አክሲዮን እንዲይዝ ፓርላማውን አሳመነ።

እዚህ ላይ መሥመሩ ታልፏል። መንግሥት የሾማቸው ሁለት ዳይሬክተሮች የቦርዱን ውሳኔ የመሻር ሥልጣንም ተሰጣቸው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የግምጃ ቤቱ ባለሥልጣን ለኩባንያው ደብዳቤ ጽፎ፣ ይህ ሥልጣን በውጭ ፖሊሲ፣ በባሕር ኃይልና በመሳሰሉት ጉዳዮች ላይ ካልሆነ በቀር በንግድ ሥራው ላይ እንደማይውል አረጋገጠ። የመጀመሪያው ባለድርሻ ድምፅ ተነፍጎት ሲቸገር፣ ሁለተኛው ድምፅ ሞልቶት በፈቃዱ ዝም አለ።

ይህ የጌታና የአሽከር ልዩነት ለፋርሶች የወረቀት ክርክር አልነበረም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። የ1901ዱ ውል ለፋርስ መንግሥት ከዓመታዊው የተጣራ ትርፍ 16 በመቶ ይሰጥ ነበር። የየትኛው ኩባንያ ትርፍ? ኩባንያው እያደገ ሲሄድ ማጣሪያ፣ ማከፋፈያና የነዳጅ ጫኝ መርከቦች ያሏቸውን ተቀጥላ ኩባንያዎች አቋቋመ። ትርፉ በእናቲቱ መዝገብ ላይ ከታየ ፋርስ ትካፈላለች፤ በልጂቱ መዝገብ ላይ ከታየ ግን «ይህ ሌላ ኩባንያ ነው» ሊባል ይችላል። ከረጅም ጭቅጭቅ በኋላ በ1920 የተደረሰው ስምምነት ከነዳጁ ጋር የተያያዙትን የተቀጥላዎች ትርፍ ሲያካትት፣ በመርከብ ማጓጓዝ የሚገኘውን ትርፍ ግን አስቀረ። እናትና ልጅ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት የሚለው ጥያቄ የአንድን አገር በጀት እንዲህ ይቆርጣል።

በ1951 ሞሳዴቅ ኩባንያውን ሲወርስም ጥያቄው ተመለሰ። በኢራናውያን ዓይን ኩባንያውና የእንግሊዝ መንግሥት አንድ ነበሩ። ጉዳዩ ሄግ በደረሰ ጊዜ ግን ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1952 የ1933ቱ ውል በአንድ መንግሥትና በአንድ የውጭ ኩባንያ መካከል የተደረገ ነው፣ የእንግሊዝ መንግሥት የውሉ ወገን አይደለም ሲል ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንደሌለው ወሰነ። የአብላጫ ድርሻ ባለቤት መሆን ከኩባንያው ጋር አንድ አካል አያደርግም ማለት ነው።

ከመቶኛው ይልቅ ደንቡን

የሕግና የሒሳብ ሙያ ከዚህ ሁሉ የተማረው አለ። የእንግሊዝ የ1929 የኩባንያዎች ሕግ ተቀጥላ ኩባንያን ሲተረጉም ከግማሽ በላይ አክሲዮንን ወይም ድምፅን ብቻ ሳይሆን፣ አብዛኞቹን ዳይሬክተሮች የመሾም ሥልጣንንም ጨምሮ ነበር። ዛሬ አገራችንም የምትከተለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ከዚያ ይርቃል። 20 በመቶና ከዚያ በላይ የያዘ፣ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ፣ «ጉልህ ተጽእኖ» አለው ይላል። እናት ለመባል ግን ቁርጥ ያለ መቶኛ አያስቀምጥም። የሚጠይቀው ዋና ዋና ሥራዎችን የመምራት ሥልጣን፣ ከውጤቱ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ጥቅም፣ ሥልጣኑንም ያንን ጥቅም ለመወሰን የመጠቀም ችሎታ መኖራቸውን ነው። ሥልጣኑ ሥራ ላይ መዋሉ ግድ አይደለም፤ መኖሩ ይበቃል።

በዚህ ሚዛን የ1875ቷ እንግሊዝ እናት አይደለችም፤ የ1914ቷ ግን ዝም ብትልም ወደ እናትነት እጅግ የቀረበች ናት። በተቃራኒው 48 በመቶ የያዘ፣ ቀሪው በሺዎች የሚቆጠሩ የማይተዋወቁ ሰዎች እጅ ላይ የተበተነ ከሆነ፣ እናት ሊባል ይችላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ከአክሲዮኖቹ 70 በመቶው ብቻ ቢወከል፣ 36 በመቶ የያዘ ሰው የጉባኤውን አብላጫ ድምፅ ይዟል።

እኛም ይህን ከራሳችን ታሪክ እናውቀዋለን። ደርግ በጥር 1967 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) 72 ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ሲወርስ በ29 ሌሎች ላይ ደግሞ አብላጫውን ድርሻ ወስዶ ነበር። ለቀሩት ባለአክሲዮኖች ወረቀቱ በእጃቸው ነበር፤ ውሳኔው ግን አልነበረም።

ስለዚህ ለተማሪዬ ያልኩትን ለውድ አንባቢዎቼም እደግመዋለሁ። የሚቀጥለው የሽያጭ ዜና ሲነገር፣ «ስንት በመቶ?» ብላችሁ አትቁሙ። የድምፅ ጣሪያ አለ ወይ? ዳይሬክተሮቹን የሚሾመው ማን ነው? የትኛው ውሳኔ የማንን ይሁንታ ይፈልጋል? የቀሩት ባለድርሻዎች የተበተኑ ናቸው ወይስ የተባበሩ? ትርፉስ በየትኛው ኩባንያ መዝገብ ላይ ይመዘገባል? እነዚህ የሚገኙት ከዜናው ርእስ ሳይሆን ከመመሥረቻ ጽሑፉና ከባለአክሲዮኖች ስምምነት ውስጥ ነው። ሰነዶቹ ለሕዝብ ካልታዩ፣ 49ም ሆነ 51 ስለ ባለቤትነት የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው።

ቸር እንሰንብት።