የሁለት ልጆች ታሪክ፦ ውሻ የነከሰው ሰው ክትባት ለምን አይቆይም?

«ውሻ እግሬን ነክሶኛል፤ ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ልጠብቅ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ዛሬ በታሪክ ልመልስላችሁ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1885 ጆሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ አልሳስ በሚባለው አካባቢ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ያበደ ውሻ እጁን፣ እግሩንና ጭኑን ነከሰው። ቁስሎቹ 14 ነበሩ። ሐኪም ቁስሉን በአሲድ ያከመለት ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። እናቱ ግን ቤት ይዛው አልተቀመጠችም። በሁለተኛው ቀን ፓሪስ፣ ሉዊ ፓስተር ዘንድ አደረሰችው። ፓስተር ሐኪም ስላልነበረ መርፌውን የወጋው ዶክተር ግራንሼ ነው። በበሽታው ከሞተ ጥንቸል ህብለ ሰረሰር የተሠራውን ክትባት በ10 ቀን ውስጥ 13 ጊዜ ተወጋ። ልጁ ዳነ፤ አድጎም የፓስተር ተቋም ጠባቂ ሆነ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሉዊዝ ፔልቲዬ የተባለች የ10 ዓመት ልጅ መጣች። ጭንቅላቷን ከተነከሰች 37 ቀን አልፏት ነበር። ፓስተር እንደዘገየ ቢያውቅም ወላጆቿን እምቢ ማለት አልቻለም። ክትባቱን ወሰደች፤ ነገር ግን ዲሴምበር 3 ቀን አረፈች።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ቫይረሱ በውሻው ምራቅ ወደ ቁስሉ ይገባል፤ ከዚያ ነርቭን ተከትሎ ወደ አንጎል ይጓዛል። ክትባቱ ደግሞ ሰውነት መከላከያ እንዲሠራ የሚያደርገው ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ ነገሩ እሽቅድምድም ነው። የሉዊዝ ቁስል ለአንጎል የቀረበ ከመሆኑ በላይ ቫይረሱ ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ተነሥቷል። እግር ከአንጎል ስለሚርቅ ጉዞው ብዙ ጊዜ ይረዝማል፤ ለእናንተ ጊዜ ይሰጣችኋል እንጂ አያድናችሁም። ውሃ መፍራትና መቃዠት ከታየ በኋላ በሽታው ሁልጊዜ በሚባል ደረጃ ይገድላል።

ስለዚህ ውሻ ሲነክሳችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። ሳሙና የቫይረሱን የስብ ሽፋን ያፈርሰዋል፤ እጥበቱ ምራቁን ጠርጎ ያወጣል። በርበሬ፣ ቅጠል ወይም አፈር አትጨምሩበት። አዮዲን ካለ ቀቡት።

ከዚያ በዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ቆዳ ተበስቶ የደማ ቁስል ከሆነ ከክትባቱ ጋር ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ ዝግጁ መከላከያ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ያስፈልጋል፤ ክትባቱ እስኪሠራ ድረስ ያለውን ክፍተት የሚሸፍነው እሱ ነው። የቴታነስ ክትባትንም ጠይቁ።

«ውሻው የጎረቤት ነው፣ ጤነኛ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። ውሻው ታስሮ 10 ቀን ይታይ፤ እናንተ ግን ክትባቱን ጀምሩ። በ10ኛው ቀን ውሻው በሕይወት ካለና ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ የቀረውን ሊያቆምላችሁ ይችላል። የተጀመረ ክትባት ይቆማል፤ ያመለጠ ቀን ግን አይመለስም።

ልጆች ላሏቸው ሁሉ ሼር አድርጉላቸው።