ከስልክ ብቻ ያጠፋነው ኢሜይል

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስልኩ ሞላበትና የቆዩ ኢሜይሎቹን አጠፋ። ማታ ላፕቶፑን ቢከፍት እዚያም የሉም! «መምህር፣ እኔ እኮ ያጠፋሁት ከስልኬ ብቻ ነው» አለኝ።

ነገሩ ቆየት ያለ ታሪክ አለው። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው POP የታሰበው ደብዳቤውን ከሰርቨር አውርዶ በራሱ ኮምፒውተር ለሚያነብ ሰው ነው። ሰርቨሩ ላይ ቅጂ እንዲቀር ካደረጋችሁ፣ የወረደውን ብታጠፉ ያኛው አይነካም። በ1986 ማርክ ክሪስፒን ስታንፎርድ ሆኖ የጀመረው IMAP ግን ዋናውን ደብዳቤ እዚያው ሰርቨሩ ላይ አቆየው። ስልካችን የሚያሳየን ያንኑ ነው፤ ስናጠፋም ያንኑ እናጠፋለን።

የልጁ አካውንት IMAP ነበር። ደግነቱ መጣያው ገና ስላልጸዳ መለስናቸው። ቦታ ለማስለቀቅ ከሆነ፣ በIMAP አካውንቱን ከስልኩ ማንሳት ይበቃል፤ ደብዳቤዎቹ ሰርቨሩ ላይ ይቆያሉ።