ወርቅ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ መግዛት ወይስ አጠራቅሞ በአንዴ? ስሌቱን አብረን እንሥራው

በገጻችን የውስጥ መልእክት ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። «ከደመወዜ ቆጥቤ ወርቅ መግዛት እፈልጋለሁ፤ በየወሩ ልግዛ ወይስ ብሩን አጠራቅሜ በአንዴ?» መልሱ በእጃችሁ ባለው ገንዘብ ዓይነትና ወርቅ ቤቱ በሚያስከፍላችሁ የእጅ ዋጋ ላይ ይወሰናል። ሁለቱንም በቁጥር እናሳያችሁ።

መጀመሪያ፦ የእናንተ ጥያቄ የትኛው ነው?

ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይህንን ጥያቄ ይጠይቃሉ። አንደኛው ዕቁብ የወጣለት ወይም መኪና የሸጠ ሰው ነው። ገንዘቡ ዛሬ በእጁ ስላለ ምርጫው «ሁሉንም ዛሬ ልግዛበት ወይስ ከፋፍዬ?» ነው። ሁለተኛው ደግሞ በየወሩ ከደመወዙ ጥቂት ሺህ ብር የሚተርፈው ሰው ነው። እሱ በአንዴ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። የእሱ ምርጫ «እንዳገኘሁ ልግዛ ወይስ እስኪጠራቀም ልጠብቅ?» ነው። ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚደበላለቀው የአንዱን መልስ ለሌላው ስለምንሰጥ ነው።

ከፋፍሎ መግዛት ምን ያደርጋል?

ሐሳቡ ቀላል ነው። በየጊዜው እኩል ብር ትመድባላችሁ፤ ግራሙ ግን ይለያያል። ዋጋው ሲወርድ በዚያው ብር ብዙ ግራም ታገኛላችሁ፣ ሲወደድ ደግሞ ጥቂት። ስለዚህ ዋጋው ዝቅ ባለበት ጊዜ የገዛችሁት ወርቅ ሚዛን ላይ ይበዛል።

በእውነተኛ ዋጋ እንየው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2011 የወርቅ የዓለም ዋጋ ለአንድ አውንስ ወደ 1,900 ዶላር ደርሶ ነበር። አንድ አውንስ 31.1 ግራም ነው። በወቅቱ አንድ ዶላር በባንክ ወደ 17 ብር ስለነበር የ24 ካራት አንድ ግራም ወደ 1,040 ብር ይመጣል። ከዚያ በኋላ ዋጋው ወረደ። በ2013 መጨረሻ አውንሱ ወደ 1,200 ዶላር፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ ወደ 1,060 ዶላር ወርዶ ነበር። ብር በእነዚህ ዓመታት ትንሽ ትንሽ ቢዳከምም የግራሙ ዋጋ በ2013 መጨረሻ ወደ 740፣ በ2015 መጨረሻ ወደ 720 ብር ሆነ።

አሁን 30,000 ብር የነበራቸውን ሁለት ሰዎች አስቡ። የመጀመሪያው ሁሉንም በሴፕቴምበር 2011 ገዛበት፤ 28.8 ግራም አገኘ። ሁለተኛው በሦስቱ ጊዜያት 10,000፣ 10,000 ብር ገዛ። መጀመሪያ 9.6፣ ቀጥሎ 13.5፣ በመጨረሻ 13.9 ግራም፤ በድምሩ 37 ግራም። ያወጡት ብር እኩል ነው፣ የግራሙ ልዩነት ግን ከ8 በላይ ነው።

ከዚህ ሌላም ነገር እንማራለን። «ወርቅ በብር ወርዶ አያውቅም» የሚባለው ልክ አይደለም። በ2011 ጣሪያው ላይ የገዛ ሰው ያወጣውን ብር ብቻ መልሶ ለማየት እስከ ኦክቶበር 2017 ጠብቋል። ያኔም የረዳው ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ በ15 በመቶ ማውረዱ ነበር። በስድስቱ ዓመት ውስጥ ደግሞ የጤፉም የቤት ኪራዩም ዋጋ ጨምሯል።

በአንዴ መግዛት መቼ ያሸንፋል?

ዋጋው ያለማቋረጥ ሲጨምር። ለስሌት እንዲመቸን የአንድ ግራም ዋጋ 20,000 ብር ነው እንበል፤ በየወሩም 1,000 ብር ይጨምራል። 120,000 ብር ያለው ሰው ዛሬ በአንዴ ቢገዛ 6 ግራም ያገኛል። በየወሩ 20,000 እያደረገ በስድስት ጊዜ ቢገዛ ግን 5.36 ግራም ብቻ ነው የሚያገኘው። ለጥንቃቄው ከግማሽ ግራም በላይ ከፈለ ማለት ነው።

እኛ አገር ይህ ስጋት ከሌላው የሚለይበት ምክንያት አለ። የወርቅ ዋጋ እዚህ በሁለት ነገር ይንቀሳቀሳል፦ በዓለም የዶላር ዋጋና በብር ምንዛሪ። ምንዛሪው ለረጅም ጊዜ ቀስ እያለ ይሄድና በአንድ ቀን ሊዘል ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ወደ 57 ብር የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በባንኩ ምንዛሪ ብቻ ብናሰላው 4,400 ብር ገደማ የነበረው የ24 ካራት ግራም ከ8,000 ብር አልፏል። የሱቅ ዋጋ ግን ያንን ያህል አልዘለለም። ወርቅ ነጋዴው ከዚያ በፊትም ዋጋውን የሚተምነው ወደ ጥቁር ገበያው ምንዛሪ ተጠግቶ ስለነበር ነው። ስለዚህ የባንክ ምንዛሪን ብቻ አይታችሁ «ወርቅ ገና ርካሽ ነው» አትበሉ፤ ሱቁ ቀድሞ ጨምሮት ሊሆን ይችላል።

የትኛው እንደሚመጣ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ከፋፍሎ መግዛት ዋስትና ነው፤ ዋጋው ሲጨምር ትንሽ ትከፍሉበታላችሁ፣ ሲወርድ ያድናችኋል።

ትንሽ ቆጣቢውን የሚጎዳው የእጅ ዋጋ

እስካሁን የሠራነው ስሌት ወርቅ በንጹህ ዋጋው እንደሚገዛ ቆጥሮ ነው። ወርቅ ቤት ስትገቡ ግን የምትገዙት ቀለበት፣ ሐብል ወይም የጆሮ ጌጥ ነው። በላዩ ላይ የእጅ ዋጋ አለ። ስትሸጡ ገዢው የሚያየው ካራቱንና ግራሙን ብቻ ነው፤ የእጅ ዋጋው ተመልሶ አይመጣም። በዚያ ላይ ሱቁ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ዋጋ ይለያያል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የእጅ ዋጋው በግራም ነው ወይስ በዕቃው?» በግራም ከሆነ ከፋፍላችሁ ብትገዙም ብዙ አትጎዱም። በዕቃው ከሆነ ግን እያንዳንዱ ግዢ አዲስ ወጪ ነው። ለአንድ ዕቃ 1,500 ብር ነው እንበል። ስድስት ባለ አንድ ግራም ቀለበት የገዛ ሰው 9,000 ብር ለእጅ ከፈለ። ያ ገንዘብ በ20,000 ሒሳብ ግማሽ ግራም ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ቀደም ሲል ዋጋው እየጨመረ ሲሄድ ከፋፍሎ የገዛው ሰው ካጣው ጋር ተቀራራቢ ነው።

ታዲያ ደመወዝተኛው ምን ያድርግ?

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራ። በወር 4,000 ብር የምትቆጥብ ልጅ በአምስት ወር 20,000 ይሞላላታል። ያኔ አንድ ግራም ትግዛ ወይስ አምስት ወር ጨምራ በ40,000 ባለ ሁለት ግራም?

ሁለት ጊዜ ከገዛች አንድ ተጨማሪ የእጅ ዋጋ፣ ማለትም 1,500 ብር ትከፍላለች። ከጠበቀች ደግሞ 20,000 ብሯ አምስት ወር ባንክ ይቀመጣል። በዓመት 7 በመቶ የሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ከሆነ ከግብር በፊት ወደ 580 ብር ወለድ ያመጣላታል። ስለዚህ መጠበቅ የሚሰጣት ጥቅም 1,500 ሲደመር 580፣ ወደ 2,080 ብር ነው። ይህ ከ20,000 ብሩ ከ10 በመቶ ትንሽ ይበልጣል።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። በአምስቱ ወር ወርቅ ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ አሁን መግዛቷ ያዋጣል፤ ካልጨመረ መጠበቋ። የእጅ ዋጋው 500 ብር ቢሆን ግን ገደቡ ወደ 5.4 በመቶ ይወርዳል፣ ቶሎ ቶሎ መግዛትም ይቀላል። የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ፦ ተጨማሪውን የእጅ ዋጋና የምታገኙትን ወለድ ደምሩ፣ ባላችሁ ብር አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር የመጠበቂያ ገደባችሁ ነው።

በአንዴ ገንዘብ ላገኘው ሰውም ይኸው ስሌት ይሠራል። አሥራ ሁለት ቦታ መከፋፈል የእጅ ዋጋ ብቻ ያበዛል። በሦስት ከፍሎ በጥቂት ወራት ልዩነት መግዛት ግን ጣሪያው ላይ ሁሉንም የመግዛት ስጋትን ይቀንሳል፤ የሚጨምረውም ሁለት የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።

የሚበላሸው የት ነው?

አንደኛ፣ ዋጋ ሲወርድ ማቆም። ከፋፍሎ መግዛት የሚጠቅመው በወረደ ጊዜም ስለሚገዛ ነው። ሲጨምር ብቻ የሚገዛ ሰው የእጅ ዋጋውን ከፍሎ ጥቅሙን ግን ትቶታል። ስለዚህ ቀኑን ቀድማችሁ ወስኑ፤ ለምሳሌ በየአምስት ወሩ ደመወዝ በወጣ በሳምንቱ።

ሁለተኛ፣ ግራምን ከንጹህ ወርቅ ጋር ማምታታት። 18 ካራት 75 በመቶ፣ 21 ካራት 87.5 በመቶ ወርቅ ነው። ሁለት ግራም የ18 ካራት ቀለበት ውስጥ ያለው ንጹህ ወርቅ 1.5 ግራም ነው። ፈርጥ ካለበት ደግሞ ፈርጡም አብሮ ይመዘናል። ለቁጠባ ከሆነ ፈርጥ የሌለው፣ ሥራው ቀላል የሆነ ዕቃ ምረጡ።

ሦስተኛ፣ «የእጅ የለውም» ተብሎ ከመንገድ ላይ ሰው ጥሬ ወርቅ መግዛት። ጥሬ ወርቅ መነገድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ንጽሕናውንም በዓይን አይታችሁ አታውቁትም።

በየግዢው ደረሰኙ ላይ ግራሙና ካራቱ መጻፉን አረጋግጡ። ስልካችሁ ላይ ደግሞ ሦስት ነገር ብቻ መዝግቡ፦ ቀን፣ የከፈላችሁት ጠቅላላ ብር ከነእጁ፣ እና ንጹህ ግራም። ጠቅላላ ብሩን ለጠቅላላ ንጹህ ግራሙ አካፍሉት፤ የእናንተ እውነተኛ አማካይ ዋጋ እሱ ነው። ወርቅ ቤቱ ዛሬ ለንጹህ ግራም የሚገዛበት ዋጋ ከዚህ ካልበለጠ ገና አላተረፋችሁም። የሱቁ መግዣ ዋጋ ወጪያችሁን ለማለፍ ጊዜ ስለሚወስድበት፣ ለመጪው ዓመት የቤት ኪራይ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ያሰባችሁትን ብር ወርቅ ውስጥ አታስገቡ።