አንቀጽ ስንት መስመር ይሁን? ስልክ ላይ ለሚነበብ የአማርኛ ጽሑፍ

ቻናል ወይም ፔጅ ያላችሁ፣ ወይም ለሰፈር ግሩፕ ማስታወቂያ የምትጽፉ ሁሉ ይህ ለእናንተ ነው። ነቀምቴም ሆነ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎም ሆነ ሻምቡ አንባቢያችሁ ጽሑፉን የሚያየው ስልክ ላይ ነው። ስልክ ላይ ደግሞ በአንድ መስመር የሚገባው የአማርኛ ፊደል ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ነው። ያ ማለት አራት ወይም አምስት ቃል ብቻ!

አንድ ምሳሌ እንይ። እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ እንበል፦

«በነቀምቴ ከተማ በሚካሄድ የመስመር ጥገና ምክንያት ነገ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ በከፊል የከተማዋ አካባቢዎች የኤሌክትሪክ ኃይል የሚቋረጥ በመሆኑ ወፍጮ ቤቶችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራችሁን ከወዲሁ እንድታስተካክሉ እናሳውቃለን።»

ወረቀት ላይ ቢሆን ሁለት መስመር ተኩል ገደማ ነው። በመስመር 22 ፊደል በሚይዝ ስልክ ላይ ግን 8 መስመር ይሆናል፣ ያውም አንድ ዓረፍተ ነገር። አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። «የሚቋረጥ» የሚለው ቃል የሚገኘው 5ኛው መስመር ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አንባቢው ቀኑንም ሰዓቱንም በጭንቅላቱ ይዞ «ምን ሊሆን ነው?» እያለ ይወርዳል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ አልፎት ይሄዳል፣ በማግስቱ እህሉን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ሲደርስ መብራት የለም።

መፍትሔው መሃሉ ላይ ኢንተር መጫን አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር ነው፦

«ነገ ማክሰኞ በአንዳንድ የነቀምቴ ሰፈሮች መብራት ይጠፋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው።

ምክንያቱ የመስመር ጥገና ነው።

ወፍጮ ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ፣ ሥራችሁን ከወዲሁ አስተካክሉ።»

አሁን «ይጠፋል» 2ኛው መስመር ላይ መጣ። አንቀጹ የተቆረጠው ሐሳቡ ሲያልቅ፣ ከአራት ነጥብ በኋላ ነው። በልኬት ካላችሁ፣ በስልክ ከ3 እስከ 5 መስመር የሚሆን አንቀጽ ለዓይን ይመቻል። በአንቀጾቹ መካከል አንድ ባዶ መስመር ይበቃል።

በመስመር መጨረሻ ላይ ኢንተር መጫን ለምን ችግር እንደሚሆን እንይ። በእናንተ ስልክ ላይ እንዲያምር ብላችሁ እንዲህ ቆረጣችሁት፦

ነገ ማክሰኞ በነቀምቴ ከተማ መብራት
ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይጠፋል።

ፊደሉን ያተለቀ ሰው፣ ለምሳሌ አባታችሁ፣ በመስመር 18 ፊደል ብቻ ነው የሚገባለት። እሳቸው የሚያዩት ይህን ነው፦

ነገ ማክሰኞ በነቀምቴ ከተማ
መብራት
ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ
ይጠፋል።

አንድ ረጅም፣ አንድ ቃል፣ አንድ ረጅም፣ አንድ ቃል። እንዲህ የተቆራረጠ ጽሑፍ ካያችሁ ችግሩ ኢንተር ነው። መስመሩን ስልኩ ራሱ ይቁረጠው፣ የእናንተ ሥራ አንቀጹን መቁረጥ ነው።

አራት ነጥብም የራሱ ጣጣ አለው። ስልኩ መስመር የሚቆርጠው ክፍት ቦታ ባለበት ነው። «ይጠፋል ።» ብላችሁ ከነጥቡ በፊት ክፍት ቦታ ከተዋችሁ፣ «።» ብቻውን የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ሊወርድ ይችላል። «ይጠፋል።ምክንያቱ» ብላችሁ ከገጠማችሁት ደግሞ ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ ረጅም ቃል ይቆጥረውና ሁለቱንም አንድ ላይ ያወርዳቸዋል፣ ከላይ ትልቅ ክፍተት ይቀራል። ስለዚህ ከነጥቡ በፊት ምንም፣ ከነጥቡ በኋላ አንድ ክፍት ቦታ።

ብዙዎቻችሁ ያንኑ ዜና በአፋን ኦሮሞም ትለጥፋላችሁ። የቁቤ ፊደል ቀጭን ስለሆነ በአንድ መስመር ብዙ ይገባል፣ ግን ተደራራቢ አናባቢና ተነባቢ ስላለው ቃሉ በፊደል ብዛት ይረዝማል። የአንዱ መስመር አቆራረጥ ለሌላው አይሆንም። ግሡ ግን በሁለቱም መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ የማሳጠሩ ዘዴ ለሁለቱም ይሠራል።

ማብዛትም ጥሩ አይደለም። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ካደረጋችሁት ምክንያትና ውጤት ይለያያሉ፣ ገጹም ዝም ብሎ ይረዝማል። ፌስቡክ ደግሞ ረጅም ጽሑፍን ከጥቂት መስመር በኋላ በ«See more» ይሸፍነዋል። ስለዚህ ቀኑ፣ ቦታውና ግሡ የመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ይግቡ።

ከመለጠፋችሁ በፊት ጽሑፉን ቴሌግራም ላይ ወደ «Saved Messages» ላኩት። አንድሮይድ ከሆነ «Chat Settings» ውስጥ ገብታችሁ «Message text size»ን ከፍ አድርጉና እዩት። ብቻውን የቀረ ቃል ወይም ከ5 መስመር ብዙ ያለፈ አንቀጽ ካለ እዚያው ይታያችኋል።