የደመወዝ ስሊፕዎን አንብበውት ያውቃሉ?

ከመተማ የመጣ አንድ ወረቀት ይዘን መስመር በመስመር እንመልከተው

ባለፈው የሰሊጥ ወቅት ከመተማ ዮሐንስ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ጎንደር ድረስ መጥቶ ነበር፡፡ እሱ የአንድ ሰሊጥ አበጣሪ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ነው፡፡ እኔ ደግሞ ገንዳ ውኃ ሳለሁ ጀምሮ የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ፡፡ ሻይ ቀርቦልን ጥቂት እንደተጫወትን ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ፣ «ወንድሜ፣ ቁጥር የምታውቅ አንተ ነህ፡፡ በዚህ ወር እስከ ማታ ስንሠራ ነው የከረምነው፡፡ የደረሰኝ ግን እንዲህ ነው፡፡ እስቲ እየው» አለኝ፡፡

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ምኑን ነው የሚያዩት?» ብዬ ጠየቅኩት፡፡

«የመጨረሻውን ቁጥር ነዋ! ሌላውን ማን ያየዋል?»

አብዛኞቻችን እንደ እሱ ነን፡፡ የመጨረሻው ቁጥር ግን የላይኞቹ መስመሮች ውጤት ነው፡፡ ከላይ የተሳሳተ ነገር ካለ እታች ሲደርስ ስሕተቱ አይታይም፡፡ ስለዚህ የእሱን ወረቀት ይዤ ከላይ ወደ ታች ልውረድ፡፡ ስሌቱን ለመከተል እንዲቀል አሃዞቹን በመጠኑ አጠጋግቻቸዋለሁ፡፡

የሚጨመሩት

መደበኛ ደመወዝ — 10,400 ብር
የበረሃ አበል — 2,000 ብር
የቤት አበል — 1,500 ብር
የትርፍ ሰዓት — 900 ብር
ጠቅላላ ክፍያ — 14,800 ብር

ከእነዚህ ሁሉ ዋናው የመጀመሪያው መስመር ነው፡፡ ጡረታ የሚሰላው በመደበኛ ደመወዝ ላይ ብቻ ነው፡፡ የትርፍ ሰዓት ክፍያም መነሻው እሱ ነው፡፡ በተለመደው አሠራር የወሩ ደመወዝ ለ208 ሰዓት (26 ቀን በ8 ሰዓት) ይካፈላል፡፡ 10,400 ለ208 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ደመወዝ 50 ብር ይሆናል፡፡ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ የትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፡፡ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የተሠራ ከሆነ ስሌቱ ወደ 1.75 ያድጋል፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ 2.5 እጥፍ ነው፡፡ ወዳጄ በመደበኛ የሥራ ቀን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት 12 ትርፍ ሰዓት ሠርቷል፡፡ 12 ጊዜ 75 ብር 900 ብር ይሆናል፡፡ ይህ መስመር ትክክል ነው፡፡

የበረሃ አበልና የቤት አበል ጎን ለጎን ስለሚጻፉ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፡፡ ግብር ላይ ሲደርሱ ግን መንገዳቸው ይለያያል፡፡ በየወሩ በገንዘብ የሚከፈል የቤት አበል እንደ ደመወዝ ግብር ይቆረጥበታል፡፡ የበረሃ አበልን ግን የገቢ ግብር ሕጉ በመመሪያ እስከተወሰነው መጠን ድረስ ከግብር ነፃ አድርጎታል፡፡ የወዳጄ 2,000 ብር በዚያ መጠን ውስጥ የሚወድቅ ነበር፡፡ ስለዚህ ግብር የሚከፈልበት ገቢው 14,800 ሳይሆን 12,800 ብር ነው፡፡

ግብሩ እንዴት ይሰላል?

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የደመወዝ ግብር ማስከፈያውን ለውጦታል፡፡ አሁን እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፡፡ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል፡፡

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፡፡ «30 በመቶ ውስጥ ገባሁ» ማለት ገቢዬ በሙሉ 30 በመቶ ይቆረጥበታል ማለት አይደለም፡፡ እያንዳንዱ ምጣኔ የሚነካው በራሱ እርከን ውስጥ ያለውን ገንዘብ ብቻ ነው፡፡ የወዳጄ 12,800 ብር ሲከፋፈል የመጀመሪያው 2,000 ነፃ ነው፡፡ ቀጣዩ 2,000 ላይ 300 ብር፣ ቀጣዩ 3,000 ላይ 600፣ ቀጣዩ 3,000 ላይ 750፣ በቀሪው 2,800 ላይ ደግሞ 840 ብር ይቆረጣል፡፡ ድምሩ 2,490 ብር ነው፡፡

የሒሳብ ሠራተኞች ይህን ሁሉ ሳይደምሩ በአቋራጭ ይሠሩታል፡፡ ገቢውን በደረሰበት እርከን ምጣኔ አባዝተው ቋሚ ቁጥር ይቀንሳሉ፡፡ ቋሚ ቁጥሩ ለ15 በመቶ 300፣ ለ20 በመቶ 500፣ ለ25 በመቶ 850፣ ለ30 በመቶ 1,350፣ ለ35 በመቶ 2,050 ነው፡፡ 12,800 በ30 በመቶ 3,840 ይሆናል፣ 1,350 ሲቀነስ 2,490፡፡ አንባቢም የራሱን በዚሁ መንገድ በአንድ ደቂቃ ሊፈትሽ ይችላል፡፡

የወዳጄ ወረቀት ግን ግብር በሚለው መስመር ላይ 3,130 ብር ይላል፡፡ የ640 ብር ልዩነት ከየት መጣ? 14,800ን በ35 በመቶ አባዝቼ 2,050 ስቀንስ ልክ 3,130 ወጣ፡፡ የበረሃ አበሉ ከግብር ነፃ መሆኑ ተረስቶ ከሌላው ጋር ተደምሯል ማለት ነው፡፡ ይህም አልፎ 12,800 ላይ መቆም የነበረበትን ገቢ ወደ 35 በመቶው እርከን አሻግሮታል፡፡ አንድ የግብር አሃዝ አልጣጣም ሲል እኔ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ በየትኛው መነሻ ቢሰላ ይህ ቁጥር እንደሚወጣ ወደ ኋላ እሞክራለሁ፡፡ ለምሳሌ 2,980 ብር ቢል ኖሮ ድርጅቱ አሁንም በድሮው ሠንጠረዥ እንደሚሠራ አውቅ ነበር፡፡ 2,271.60 ብር ቢል ደግሞ ጡረታው ከግብር በፊት ተቀንሷል ማለት ነው፡፡ እሱም ስሕተት ነው፡፡ በእኛ ሕግ የሠራተኛው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ግብር የሚሰላበትን ገቢ አይቀንስም፡፡

የጡረታ መስመር

በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው ከመደበኛ ደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ በራሱ ወጪ 11 በመቶ ያዋጣል፡፡ ለመንግሥት ሠራተኞችም ምጣኔው ይኸው ነው፡፡ ከወዳጄ 728 ብር ተቆርጧል፣ ድርጅቱ 1,144 ብር መጨመር አለበት፡፡ በድምሩ 1,872 ብር በስሙ ወደ ጡረታ ፈንድ መግባት ይኖርበታል፡፡ የ11 በመቶው መስመር በአንዳንድ ስሊፕ ላይ ይታያል፣ በአንዳንዱ አይታይም፡፡ ከታየም ከሠራተኛው ክፍያ ላይ መቀነስ የለበትም፡፡

ሒሳቡ ትክክል ነበር፡፡ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው፡፡ የጡረታ መለያ ቁጥር የሚለው ቦታ ባዶ ነበር፡፡ ስሊፕ ላይ «ተቀንሷል» ተብሎ መጻፉ ገንዘቡ ከእጅ መውጣቱን እንጂ ፈንዱ ጋ መድረሱን አያረጋግጥም፡፡ ወዳጄ ሲያጣራ ድርጅቱ ያስመዘገበው ከተቀጠረ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ሆኖ ተገኘ፡፡ የእነዚያ ሦስት ዓመታት 7 በመቶ ግን በየወሩ ሲቆረጥ ኖሯል፡፡

ይህ ለእሱ ቀላል ነገር አይደለም፡፡ ሲቀጠር ዕድሜው 48 ነበር፡፡ መጦሪያው 60 ዓመት ሲሆን የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፡፡ በትክክል ከተያዘለት 12 ዓመት ይሞላዋል፡፡ ሦስቱ ከጎደሉ ግን 9 ዓመት ብቻ ይሆንና ወር በወር የሚከፈል አበል ቀርቶ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሰናበታል፡፡ አበሉ ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው፡፡ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፡፡ ደመወዙ ባለበት ቢቆይ በ12 ዓመት 32.5 በመቶ፣ ማለትም በወር 3,380 ብር ያገኛል፡፡ የበረሃውም የቤቱም አበል በዚህ ስሌት ውስጥ የለም፡፡ መደበኛ ደመወዙ ዝቅ ብሎ በአበል የተደጎመ ቅጥር ዛሬ ኪስ ቢሞላም ለጡረታ የማይጠቅመው ለዚህ ነው፡፡

ሌሎች ተቀናሾች

የወዳጄ ወረቀት ላይ የቀረው የቁጠባና ብድር ማኅበር 500 ብር ነው፡፡ ይህ በፊርማው የፈቀደው ነው፡፡ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ የሚቀነሰው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፡፡ ድምሩም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ማለፍ የለበትም፡፡ «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተቀነሰ ነገር ካለ ከእነዚህ በየትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፡፡

ስለዚህ ትክክለኛው የመጨረሻ መስመር ይህ ነው፡፡ ከ14,800 ብር ላይ ግብር 2,490፣ ጡረታ 728፣ ቁጠባ 500 ሲቀነስ 11,082 ብር፡፡ የተከፈለው ግን 10,442 ብር ነበር፡፡

ስሕተት ሲገኝ

አዋጁ አሠሪው ጠቅላላ ክፍያውን፣ ስሌቱን፣ የተቀነሰውን ዓይነትና መጠን፣ የተጣራውንም የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዝ ያዛል፡፡ ሠራተኛው ሲጠይቅም ማሳየትና ማስረዳት ግዴታው ነው፡፡ የጎደለውን ገንዘብ ያለ ተቃውሞ ፈርሞ መቀበል መብትን አያስቀርም፡፡ ጊዜው ግን አጭር ነው፡፡ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል፡፡ በመጀመሪያ ለሒሳብ ክፍሉ በጽሑፍ ማመልከትና ቅጂውን መያዝ ይበቃል፡፡ ስለ ጡረታው ደግሞ የመለያ ቁጥርን ከጠየቁ በኋላ ድርጅቱ ገንዘቡን ገቢ ያደረገበትን የሠራተኞች ዝርዝርና ደረሰኝ ማየት ነው፡፡ ዝርዝሩ ላይ ስምዎ፣ የመለያ ቁጥርዎና መደበኛ ደመወዝዎ ከስሊፑ ጋር አንድ መሆን አለባቸው፡፡

የወዳጄ 640 ብር በሚቀጥለው ወር ተስተካክሎ ተመለሰለት፡፡ የጡረታው ጉዳይ ብዙ ምልልስ ጠይቋል፡፡ ድርጅቱ መጀመሪያ ላይ «በዚያን ጊዜ አልቆረጥንም» ብሎ ነበር፡፡ ወዳጄ ግን የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ቢሆንም ወረቀት አይጥልም፡፡ የሦስቱን ዓመት ስሊፖች ከቆርቆሮ ሳጥን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፡፡ በእያንዳንዱ ላይ «ጡረታ 7%» የሚል መስመር አለ፡፡ ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም፡፡ ያለፈው መዋጮ ገቢ ሆኖ የጎደሉት ዓመታት ተያዙለት፡፡